ጣቴ መቁጠሪያው ላይ ነው፣ ሐሳቤ ግን የለም፤ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የካዛንቺሱ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ረጅም ጸሎት ለማድረስ አቅሙም ሰዓቱም የለኝም። ስለዚህ 41 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ።

ችግሬ ይሄ ነው። ጣቴ ይሄዳል፣ አፌ ይላል፣ ሐሳቤ ግን አብሮኝ የለም። መስቀሉ ጋ ስደርስ «ኧረ አለቀ እንዴ?» እላለሁ። እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራይ ከፍዬ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ታርቄም ጨርሻለሁ።

መቁጠሪያ ሐሳብ ይሰበስባል ሲባል ነው የሰማሁት። እኔን ግን ለመባዘን የበለጠ ነፃ ያወጣኝ ይመስለኛል። ያለ መቁጠሪያ ይሻላል ወይስ አጠቃቀሜ ነው? የሌላ እምነት ተከታዮችም የእናንተን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ክርክር ግን አታምጡብኝ፣ በናታችሁ።

ማርታ_የቦሌዋ

ወንድሜ የእንጨቱን ግዛ። የፕላስቲኩ ላብ ሲነካው ይንሸራተታል፣ ሁለት ሁለቱን ያልፍሃል። እኔ የወይራ እንጨት ነው የያዝኩት፣ ቆንጆ ነው። በዚያ ላይ ክሩ ጠንካራ ይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ቅዳሴ ላይ ተበጥሶ ፍሬው በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተበተነ። ዲያቆኑ ሳይቀር ሲለቅም ነበር።

የካዛንቺሱ

ሃሃ፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። የእኔም እንጨት ነው። የተበተነው ፍሬው ሳይሆን ሐሳቤ ነው።

ምስጢረ_ቁጥር

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር ማወቅ አለብህ። 41 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ሰው 41 ጊዜ ሲደግም የልብ ምቱ እንደሚስተካከል ሳይንስም አረጋግጦታል። ደግሞ መቁጠሪያ ሁሉ መነሻው ከህንድ ነው። የእነሱ 108 ፍሬ ነው፣ ሌሎቹ በሙሉ ከዚያ የተቀዱ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳታጎድል ከጨረስክ ሐሳብህ የትም ቢሄድ ኃይሉ ይሠራል።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ወንድም ምስጢረ ቁጥር፣ ትንሽ ቀስ እንበል። ህንድ ውስጥ የቆየ ነገር መሆኑ እውነት ነው። «ሁሉም ከዚያ ተቀዳ» የሚለው ግን አያስኬድም። ጸሎት መቁጠር ፍሬ በክር ከመሰካቱ በፊት የነበረ ነው። የግብፅ መነኮሳት በጠጠር ይቆጥሩ ነበር። 41ንም በተመለከተ ኮፕቶች በሰዓታት ጸሎታቸው «ኪርያላይሶን» 41 ጊዜ ይላሉ። 39ኙን ለግርፋቱ፣ አንዱን ለእሾህ አክሊሉ፣ አንዱን ለጦሩ ይሰጡታል። እኛ ዘንድ መምህራን ከዚህ የተለየ ሲያስተምሩም ሰምቻለሁ። የ64ቱን ግን ሁሉም ይስማማበታል፣ የእመቤታችን ዕድሜ ነው።

የካዛንቺሱ፣ ወደ አንተ ልምጣ። ሁለት ነገር ንገረኝ። ፍሬውን የምታሳልፈው ቃሉን ስትጀምር ነው ስትጨርስ? 41ዱን ለመጨረስስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?

የካዛንቺሱ

ስጀምር ይመስለኛል። ልክ «እግ…» ስል ጣቴ ሄዷል። ሰዓቱን አሁን በስልኬ ያዝኩት፣ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

80 ሰከንድ ለ41 ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ፍጥነት ሦስቱ ቃላት አንድ ድምፅ ይሆናሉ። አፍ ራሱን ችሎ ስለሚሮጥ ልብ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ይሄዳል።

እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት። ፍሬውን በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ያዝ፣ ቃሉ እስኪያልቅ አታንቀሳቅሰው። «እግዚኦ» ስትል አየር አስገባ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ቀስ ብለህ አውጣ። ያን ጊዜ ፍሬውን ልቀቀው። ጣትህ ከአፍህ ቀድሞ ቀጣዩ ፍሬ ላይ ካረፈ መሮጥ ጀምረሃል ማለት ነው። ለአንዱ ስድስት ወይም ሰባት ሰከንድ ብትሰጠው ጠቅላላው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከሁለት ደቂቃ በታች ከጨረስክ ቁጥሩን ነው ያደረስከው።

ያልኩትን የጠጠር ነገር ልጨርስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ጳውሎስ የሚባል መነኩሴ ነበረ፣ ፌርሜ የሚባል ተራራ ላይ። በቀን 300 ጸሎት ነበረው። 300 ጠጠር ጭኑ ላይ ይይዝና አንድ ጸሎት ባደረሰ ቁጥር አንዱን ይጥላል። አንድ ቀን ግን እያዘነ ወደ እስክንድርያው መቃርዮስ ሄደ። በአንድ መንደር 700 የምታደርስ ድንግል መኖሯን ሰምቶ ነው ያዘነው። መቃርዮስ ምን አለው? እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ የማደርሰው 100 ነው፣ እጄም እየሠራ ይበላል፣ ልቤ አይከሰኝም። አንተ 300 እያደረስክ ልብህ ከከሰሰህ ወይ በንጹሕ አትጸልይም፣ ወይ ከዚህ በላይ ስትችል ቀንሰሃል አለው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ቁጥር የሚያስተው። ጠጠሩ ልብ እንዳይቆጥር ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ልቡ የሰው ቁጥር መቁጠር ጀመረ።

ቃሉ_ይበቃል

ክርክር አታምጡ ስላልክ አጭር አደርገዋለሁ። ማቴዎስ 6፥7 «ስትጸልዩ እንደ እነርሱ በከንቱ አትድገሙ» ይላል። ሐሳብህ የሚሸሸው ድግግሞሹ ራሱ ስለሚያደነዝዝህ ይሆናል። በራስህ ቃል ለአምስት ደቂቃ ጸልይ። የምትለውን አስበህ ስለምትል ሐሳብህ አይሄድም።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

በራስ ቃል መጸለይ መልካም ነው፣ ማንም አይከለክለውም። ግን እዚያው ማቴዎስ 26፥44 ላይ ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ ይላል። መዝሙር 135 ደግሞ (በእናንተ 136 ነው) 26ቱም ቁጥር «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ነው የሚያልቀው።

ቃሉ_ይበቃል

መዝሙሩን አንብበው እንግዲህ። ሁለተኛው ግማሽ ነው የሚደገመው። የመጀመሪያው ግማሽ በየቁጥሩ አዲስ ነው። ሰማይ፣ ምድር፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ፈርዖን። የሚያነብ ሰው ካንቀላፋ ይጠፋበታል። የእናንተ 41 ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው።

ሀያት_ከደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የመጨረሻው አስተያየት ስለነካኝ ነው የገባሁት። እኔ ሙስሊም ነኝ።

እኛ ከሶላት በኋላ ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 እንላለን። 99 ይሆናል፣ መቶኛውን በላ ኢላሀ ኢለላህ እንሞላዋለን። አላሁ አክበርን 34 አድርገው የሚጨርሱም አሉ። 99 ፍሬ ያለው ሙስበሃ ላይ በየ33ቱ መሃል ቅርጿ የተለየ ትንሽ መለያ አለች። ጣት ላይ ስትገባ ሳታይ ታውቃታለህ።

ለእኔ የምትጠቅመኝ ያቺ መለያ ናት። እዚያ ስደርስ ቃሉ መቀየር አለበት። ሐሳቤ ከሄደ ግን ምላሴ ሱብሓነላህን ይዞ መለያዋን ያልፋታል። 35 ወይም 36 ላይ «ቆይ፣ አልሐምዱሊላህ ነበር እኮ» እላለሁ። መሄዴን ያወቅኩት ያኔ ነው። ቃሉ ባይቀየር ኖሮ እንደ የካዛንቺሱ መጨረሻው ላይ ነበር የምነቃው። 33 ሲሆን ቢበዛ ከአንድ ሦስተኛው በላይ አልጠፋም።

እናቴ ግን ሙስበሃ አትይዝም። በጣቶቿ አንጓ ነው የምትቆጥረው፣ በቀኝ እጇ። ጣቶች በመጨረሻው ቀን እንደሚጠየቁና እንዲናገሩ እንደሚደረግ የሚናገር ሐዲስ አለ፣ ያንን ይዛ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሙስበሃ ጨርሶ መተው አለበት ይላል። የወሎ አባቶች ዚክር ላይ ረጅም ሙስበሃ ይዘው ያደጉ ናቸው፣ እነሱ ፊት ይሄን አይደግመውም። እኛ ቤት ይሄ ነገር አላለቀም።

ሲስተር_ሐ

ነርስ ነኝ። ስለ ሳይንሱ የተባለውን ላስተካክል።

ምስጢረ ቁጥር የሰማኸው ከ2001 ጥናት ይመስለኛል። የጣልያን ተመራማሪዎች ናቸው፣ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮቹን የማርያም ጸሎት በላቲን እንዲደግሙ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የቲቤቶቹን «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» እንዲሉ አደረጉ። በሁለቱም ጊዜ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ12 በላይ ነው። ደም ግፊት ውስጥ በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ የተፈጥሮ ሞገድ አለ፣ ትንፋሹ ከሱ ጋር ገጠመ። የልብ ምትም ከዚያ ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ።

41 የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። የሠራው የቃሉ ርዝመት ነው። አንዱ ሰው ግማሹን ሌላው ግማሹን ሲል አንድ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ይሞላል። ይሄ ደግሞ ትንፋሽና ልብ ነው የለካው። ሐሳብ መሰብሰቡን አልለካም። ሰውነት ሲረጋ ሐሳብም ይከተላል ብለን እንጠብቅ ይሆናል፣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ለሐሳቡ የሚቀርበው ሌላ ጥናት ነው፣ 2014 አሜሪካ የወጣ። ሰዎች ትንፋሻቸውን ከ1 እስከ 9 በልባቸው ይቆጥራሉ። ከ1 እስከ 8 አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ 9ኛው ላይ ሌላ። 9ኙን በትክክል ካልያዙት ሐሳባቸው ሄዶ ነበር ማለት ነው። ቆጠራው ራሱ መሄዳቸውን ያጋልጣል።

አሁን መቁጠሪያውን አስቡት። ቁጥሩ ከጭንቅላት ወጥቶ ወደ ጣት ሄዷል። ጥቅሙ ጭንቅላትህ ለቃሉ ነፃ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ጣት መቼም አይሳሳትም። አንተ ኖርክም አልኖርክም 41 ይሞላል። የሚያጋልጥህ የለም። የሀያት መለያ ያንን አጋላጭ መልሳ ታስገባዋለች።

ከእምድብር

እኛ ካቶሊኮች ዘንድም ይሄው ነው። 10 ሰላም ለኪ፣ ከዚያ ትልቋ ፍሬ ላይ አባታችን። አምስት ጊዜ። መቀየሪያው በየአስሩ ስለሆነ ከአስር በላይ አትጠፋም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቃሉ ላይ ብቻ ሐሳብህን ትከል አንባልም። በየአስሩ አንድ ምሥጢር ይሰጠናል። ለምሳሌ ሰኞ ብሥራቱ፣ ኤልሳቤጥን መጎብኘቷ፣ ልደቱ እያለ ይሄዳል። አፍ ሰላም ለኪ ሲል ልብ እዚያ ታሪክ ውስጥ ነው። ለሐሳብ የሚሄድበት ቦታ ተሰጥቶታል። እኔ ቃሉ ላይ አተኩር ከምባል ናዝሬት ሂድ ስባል ይቀለኛል። 2002 ላይ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የብርሃን ምሥጢራትን ሲጨምሩ አንዳንድ ትልልቆቻችን ቅር ብሏቸው ነበር፣ ምክንያቱም በፊት ሦስቱ ክፍል ሲደመር 150 ሰላም ለኪ ነበር፣ እንደ ዳዊት መዝሙር ቁጥር። አሁን 200 ሆነ።

የካዛንቺሱ

እኔ ግን ቃሉን ትቼ ታሪክ ማሰብ ከጀመርኩ በሁለት ደቂቃ ቤት ኪራዩ ጋ ነኝ።

ምስጢረ_ቁጥር

ዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ኔፓላዊ አለ፣ ጠይቄው ነው የመጣሁት። የሱ 108 ፍሬ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬ ለብቻው አለ። ያንን አይሻገሩትም። እዚያ ሲደርሱ መቁጠሪያውን አዙረው በመጡበት ይመለሳሉ። አመልካች ጣትም አይነካውም። «ሳታውቀው ከተሻገርክስ?» አልኩት። «ያኔ ተኝተህ ነበር ማለት ነዋ» ብሎ ሳቀ። ሀያት ከምትለው ጋር አንድ ነው።

ግን እሱ የሚነቃው በ108 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲስተር፣ የ41ም ልክ እንደዛው አይደለም? መስቀሉ እኮ አለ።

ሲስተር_ሐ

አዎ፣ ግን መስቀሉ ጋ ስትደርስ ሥራው አልቋል። ኔፓላዊው ዞሮ መቀጠል አለበት።

የካዛንቺሱ

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ፍሬውን ቃሉ ሲያልቅ ማሳለፍ ጀመርኩ። አሁን አራት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ አስር ፍሬዎች በጣም ጥሩ ናቸው፣ ቃሉ ይሰማኛል። ከ15 በኋላ ግን ቀስ ብዬም እባዝናለሁ፣ ተረጋግቼ ነው የምባዝነው!

ስለዚህ በየአስሩ መሃል ቀይ ክር አሰርኩ። ጣቴ ክሩን ሲነካ አንድ ጊዜ «በእንተ እግዝእትነ ማርያም መሐረነ ክርስቶስ» እልና እቀጥላለሁ። ሁለተኛው ክር ላይ ቃሉን ሳልቀይር አልፌ ራሴን ያዝኩት። ሀያት እንዳለችው ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፣ ክሩ የት ደረሰ እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ።

ወለተ_ኪዳን

ይቅርታ ይደረግልኝና መቁጠሪያ ላይ ክር ማሰር ከየት የመጣ ነው? የአባቶች ሥርዓት እያለ የራሳችንን አንጨምር። ደግሞ ሐሳብ የሚሰበሰበው በክር አይደለም፣ በስግደት ነው። 41 ስገድ፣ ሐሳብህ የት እንደሚሄድ አያለሁ። ስቅለት ዕለት ቄሱ በወይራ ጠብ አድርገው የስግደት ቁጥር ሲሰጡን ማን ቤት ኪራይ ያስባል?

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

እህቴ ልክ ነሽ፣ ክሩን ለንስሐ አባቱ ያሳይ። የግል ጸሎት ቢሆንም ማሳየቱ ጥሩ ነው። ስግደቱም እውነት ነው፣ ሰውነት ሲሠራ ሐሳብ ይያዛል። ግን ሰውየው ሌሊት ከሥራ እየገባ ነው፣ ጉልበቱን እኛ ሆነን አንወስንለት።

የካዛንቺሱ፣ ክሩን መጠበቅህ አያሳስብህ። መጠበቅ ቢያንስ እዚያው መቁጠሪያው ላይ መሆን ነው። ቤት ኪራይ ከመጠበቅ ይሻላል። ስትነቃ ግን ከአንድ እንደገና አትጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ይሄኛው አልተቆጠረም» እያለ ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ ተናዶ ይተወዋል። የነቃህበት ፍሬ ላይ ቀጥል።

ሀያት_ከደሴ

በነገራችን ላይ ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚጠለቀውን ዲጂታል መቁጠሪያ ማንም እንዳይመክረው። ዱባይ ያለችው እህቴ ልካልኝ ነበር። ስትጫነው ቁጥሩ ይጨምራል፣ ከፊቴ 67፣ 68 ይለኛል። ዓይኔ ከቁጥሩ አይነቀልም። 33 ሲሞላም ምንም የሚዳሰስ ነገር የለውም።

ማርታ_የቦሌዋ

እኔ እኮ መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነበር፣ ዕቃው ለውጥ አለው ብዬ!

የካዛንቺሱ

ማርቲ አሸነፍሽ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጠዋት ባቡር ላይ ሰው ፊት መቁጠሪያ ማውጣት አልወድም። የሀያት እናት በጣት የሚቆጥሩት እንዴት ነው?

ሀያት_ከደሴ

አውራ ጣት ሌሎቹን አንጓዎች እየነካ ይሄዳል። አራት ጣት፣ እያንዳንዱ ሦስት አንጓ፣ 12 ይሆናል። እሷ አውራ ጣቷንም ጨምራ 15 ታደርገዋለች።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

12 ለእኛም ጥሩ ነው። «እግዚኦ» 12 ጊዜ በጸሎታችን አለ። 41 ከፈለግህ ሦስት ዙር 36 ይሆናል፣ 5 ይቀርሃል።

ምስጢረ_ቁጥር

ያቺን 5 ባቡር ላይ ማን ያስታውሳታል?

ሲስተር_ሐ

በግራ እጁ ጣቶች ይጨርሳት። እጅ መቀየሩ ደግሞ እንደ መለያ ይሆንለታል። በየዙሩም ቃሉን መቀየር ይችላል፣ ክር አያስፈልገውም።

ወለተ_ኪዳን

ይሄስ ጥሩ ነው። ግን ቆሞ ከሆነ በአንድ እጁ ብረቱን መያዝ የለበትም እንዴ?